አድርሰናት ተመልሰናል

ፎቶው ላይ ልጄ የዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ቆማለች። በቀኝ እጇ ሻንጣ ይዛለች። በግራ ብብቷ ደግሞ በትልቅ ፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ብርድ ልብስ አቅፋለች። ግንባሯ ላይ ላብ አለ።

ከፎቶው ስር ምን ብዬ ልጻፍ እያልኩ ከአርባ ምንጭ እስከ ወላይታ ሶዶ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ስጽፍ ስሰርዝ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት ከተወለደችበት ሌሊት ይጀምራል። "አባዬ፣ አደራ ብዙ አትጻፍ" ብላኝ ስለነበር አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ የቀረው ሁለት ቃል ነው። "አድርሰናት ተመልሰናል።" የሄድኩት ብቻዬን ነበር። ግን "አድርሻት" ብዬ መጻፍ አልሆነልኝም። እናቷ ቤት ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ በስልክ አብራን ሄዳለች።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ በወጣ ቁጥር ወላጆች አንሶላ ሊያስቀምቅሙ፣ የትራስ ልብስ ሊያሰፉ ይመጣሉ። ፎቶውን ያዩ ደግሞ "ያንተዋ ምን ይዛ ሄደች?" ይሉኛል። እያንዳንዱን አስቀምጬ ሳወራ ሥራዬ ይቆማል። አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

ነገሩ ከብርድ ልብሱ ይጀምራል።

የኛ አገር ሰው ልጁን ሩቅ ሲልክ መጀመሪያ የሚታየው ብርድ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ህዳር ሲመጣ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭቶ ታገኙታላችሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደግሞ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ አርባ ምንጭ እንደደረሳት ስንሰማ፣ ጥሪው ላይም "ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ" የሚል ስናነብ፣ እናቷ ገበያ ሄዳ ከሁሉም ወፍራሙን ገዛች። ክብደቱ የአንድ ሕፃን ልጅ ያህላል። ጥሪው ላይ ያለው ዝርዝር ለደጋም ለቆላም አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ልብ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አልሰማነውም። ድሮ ወታደር የነበሩ ጎረቤታችን ሊመርቋት መጥተው ጥቅልሉን አዩት። "ይሄ ለአርባ ምንጭ ነው?" አሉ። "እዚያ እኮ ሰው በአንሶላ ነው የሚያድር። ይልቅ አጎበር ግዙላት።" ሳቅን። እኔማ "ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወባ ምን ይሠራል?" አልኳቸው። እሳቸውም ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀዋት ሄዱ።

እኔ ወባን የማውቀው ከሬዲዮ ነው። ደጋ ተወልጄ ደጋ አርጅቻለሁ። አርባ ምንጭ ከፍታዋ 1,300 ሜትር እንኳ እንደማይሞላ፣ ቀን ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ እንደሚደርስ፣ ሁለት ሐይቆች አጠገቧ እንዳሉ ማንም ሊነግረኝ ይችል ነበር። ጠይቄ ቢሆን። ልጃችሁ የምትሄድበትን ከተማ የኖረበት ሰው ፈልጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "ሌሊት ምን ለብሳችሁ ነው የምትተኙት?" መልሱ ሻንጣውን ግማሽ ያዘጋጅላችኋል።

ስለ ሰነድ ብዙ አልልም። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። ዋናው ከሰው ጋር ይሁን፣ ኮፒው ሻንጣ ውስጥ። ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ዝናብም አለ፣ ሌላም አለ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁም አስቀምጡ።

ገንዘቡን ግን በሙያዬ ልጠብቅ ብዬ ጉድ ሠራሁ። የጃኬቷን ገበር ፈትቼ ከውስጥ ኪስ ሰፋሁና የሴሚስተሩን ገንዘብ በሙሉ እዚያ ከተትኩት። ስፌቱ እንከን የለውም፤ ማንም አያገኘውም። ከወላይታ ሶዶ በኋላ ቁልቁል ስንወርድ ጃኬቱን አወለቀችው። ከዚያ ወዲያ ለብሳው አታውቅም። ሙሉ ሴሚስተር ሎከር ውስጥ ተሰቅሎ ከረመ፤ እሷም ትምህርት ላይ ሆና ልቧ ሎከሯ ጋ ነበር። አሁን በቴሌብር በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እልካለሁ። በመጣ ቁጥር ትደውላለች። ይሄ ሁለተኛው ጥቅሙ ነው።

መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት፣ ከዚያ በሌሊት 11 ሰዓት ሌላ አውቶቡስ። ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ። ሆሳዕና ድረስ ተኝታ ነበር፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትከሻዬን ላለማንቀሳቀስ ስጠነቀቅ ክንዴ ደንዝዞ ቀረ። ሶዶን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወርድ በስተግራ ቀላ ያለ ውሃ ታየ። "አባዬ፣ ሐይቁ ለምን ቀላ?" አለችኝ። ድሮ የምትጠይቀኝን ሁሉ መልስ አላጣም ነበር። አላውቅም አልኳት። ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ "አባያ ነው፤ ደለሉ ነው እንዲያ ያደረገው" አላት። አመስግናው በመስኮቱ ማየት ቀጠለች።

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደረስን። ከፍ ያለ ዓመት ተማሪዎች መናኸሪያ ድረስ መጥተው አዲሶቹን ይቀበላሉ። ሻንጣዋን ተሸክመው፣ "አባባ፣ እርስዎ ይረፉ" ብለው፣ እስከ በሩ አደረሱን። ፎቶውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ከበሩ ወዲያ እኔ አልገባም።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተቴን ልናገር። አንድ አዳር ይበቃ ነበር፤ እኔ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንድ ርካሽ አልጋ ያዝኩና ጠዋት ጠዋት ግቢው በር ላይ እቆማለሁ። እሷ ሬጅስትራር ተሰልፋ፣ ዶርም ቁልፍ ተቀብላ፣ እየሮጠች ትወጣና ዛፍ ስር አብረን እንቀመጣለን። ሙዝ እንበላለን። ምንም አናወራም። ጥሩ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ያለችው ጥበቃ ጠራችኝ። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ናት። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለች። "ልጅዎ ትናንት የዶርሟ ልጆች ከተማውን ሊያሳይዋት ሲወጡ አብራ ልትሄድ ነበር። አባቴ በር ላይ ይጠብቀኛል ብላ ቀረች። እዚህ ልጅ የሚላመደው መጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው። ነገ ይሂዱላት።" አልተቀየምኩም። ትንሽ ግን አፈርኩ።

በማግስቱ ስንሰነባበት ልጄ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ያዝኳት። "እግዜር ይከተልሽ" አልኳት። ሌላ ያሰብኩት ንግግር ነበር፤ አልመጣልኝም። ወደ ውስጥ ስትገባ አንዴ ዞራ አየች፤ ሁለተኛ አልዞረችም። ወላጆች፣ አልጋ ቁጥሯንና ቁልፏን መያዟን አይታችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሳምንታት በየማታው እንደውል ነበር። "በላሽ?" "በላሁ።" "ተኛሽ?" "ተኛሁ።" "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" ስልኩ ይዘጋል፤ እኔና እናቷ ተያይተን ደስ ይለናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሚሰጥ እዚሁ ከተማችን ግቢ ውስጥ አድራ ተፈትናለች፤ ያኔም "ደህና ነኝ" ብላ ደህና ነበረች። ለምደነዋል ብለን ነበር። ያኔ ግን ከቤታችን የአስር ደቂቃ መንገድ ነው የነበረችው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ድምጿ ቀጠነብኝ። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም፣ ራሴን ትንሽ አሞኛል፤ ብርድ ብርድ ይለኛል" አለች።

እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? "ብርድ ልብሱን ልበሺው፣ በደንብ ተጠቅለይ" አልኳት። ደስም ብሎኛል። ጎረቤታችንን አስታውሼ፣ እንኳን ላክንላት፣ ይኸው ጠቀመ ብዬ ለእናቷ ተናገርኩ። እናቷም ስልኩን ተቀብላ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ አለቻት።

ይህን ቃል እባካችሁ ያዙት። አርባ ምንጭ ላይ ሆኖ በረደኝ ያለ ሰው ብርድ አልያዘውም፤ ታሟል። እኔ ከተማውን አይቼ፣ ላቡን ቀምሼ መጥቼ፣ ልጄ "በረደኝ" ስትለኝ የገባኝ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው።

ሌሊቱን ተንቀጠቀጠች። ያ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይዋ ላይ ሆኖ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ጋላት፣ ከዚያ አንሶላው እስኪርስ አላባት፣ ተኛች። ጠዋት ቀለል ብሏት ክላስ ገባች። ስንደውል "ተሽሎኛል" አለችን፤ እውነቷን ነው፣ ተሽሏት ነበር። በማግስቱ ማታ ተመልሶ መጣ። ወባ እንዲህ ያታልላል። ትኩሳቱ ይነሳል፣ በላብ ይወርዳል፣ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ግን እየበዛ ነው። አንድ ቀን እየዘለለ ሊመጣ ይችላል፤ በየቀኑም ሊመጣ ይችላል። ተራ ጠብቆ አልመጣም ብላችሁ ወባ አይደለም እንዳትሉ።

ያዳናት የዶርሟ ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የጨንቻ ልጅ ናት። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው ተራራ ላይ ናት፤ እንደኛ ደጋ። የደጋ ሰው ሆና ስለ ቆላ በሽታ ከእኔ በላይ የምታውቀው ለምን እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። "አባባ፣ የኛ ሰፈር ሰው አርባ ምንጭ ወርዶ ሲያድር እናቴ ቀን ትቆጥራለች" አለችኝ። "ከሳምንት በኋላ ራሴን ካለ፣ ሌላ ነገር ሳትል ደም አስመርምሩት ትላለች።" ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ልጄ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ቆጠራውን ቤቴ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሌሊት ስትንቀጠቀጥ አየቻትና ጠዋት ክላስ አስቀርታ ክሊኒክ ወሰደቻት። ጣቷን ወግተው ደም ወሰዱ። ውጤቱ ብዙም አልቆየም፤ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ሀኪሙ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ከባድ ሊያመራ የሚችለው እሱ እንደሆነ ነገራት። ቆላ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ስለሚይዘው ሰውነቱ ትንሽ ይለማመደዋል፤ ከደጋ የወረደ ልጅ ግን ምንም መከላከያ የለውም። ስለዚህ "አንድ ሁለት ቀን ልየው" የሚባል ነገር የለም። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ምርመራ። የበላችው ሁሉ የሚያስመልሳት ከሆነ፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ መቆም ካቃታት፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ደግሞ ክሊኒክ ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል።

የደወለችልን ከክሊኒኩ ወጥታ ነው። ስልኩን ያነሳሁት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነው፤ የስፌቱን መኪና ማለቴ ነው። "አባዬ አትደንግጥ" ብላ ጀመረች። በዚህ ቃል የሚጀምር ስልክ ያስደነግጣል። ልነሳ፣ ልሂድ አልኩ። ሁለት ቀን መንገድ ነው። የጨንቻዋ ልጅ ስልኩን ተቀበለቻትና "አባባ፣ እርስዎ እስኪደርሱ መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው። እኔ አለሁ" አለች። እውነቷን ነበር። ቀረሁ። እስካሁን ድረስ መቅረቴን ሳስብ ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም።

የታዘዘላት ኮአርተም ነው። ለትልቅ ሰው 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ፣ በሦስት ቀን ያልቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋትና ማታ። የመጀመሪያውን የዋጠችው ቀን 9 ሰዓት ላይ ስለነበር ሁለተኛው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ይውላል። ተኝታ ታልፈዋለች ብዬ ፈራሁ።

ሥራ መሥራት አልቻልኩም። የቁልፍ ቆርቆሮዬን ገለበጥኩና 24 ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥሬ በአራት በአራት ከመርኩ። ስድስት ክምር። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ። እሷ ስትውጥ እየደወልኩ አንዱን ክምር ወደ ቆርቆሮው እመልሳለሁ። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ጥበቃው "ምን ሆነሃል?" ብሎ አንኳኳ። "ልጄ መድኃኒት ልትውጥ ነው" አልኩት። እሱም ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።

መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ በደንብ አይሠራም፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው መዋጥ ያለበት። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ካፌ ዝግ ነው። የጨንቻዋ ልጅ ግን ቀን አቮካዶ ገዝታ አስቀምጣለች። ጨው ነስንሳ በዳቦ አበላቻት። ወተትም ይሆናል፣ እንቁላልም ይሆናል። ከዋጠች በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ያ መጠን እንዳልተወሰደ ነው፤ ተመልሳ ክሊኒኩን ትጠይቅ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ ጠፋ። ድምጿ ተመለሰ፤ ሳቀችም። "አባዬ፣ ድኛለሁ፤ የቀረው ይመረኛል፣ ልተወው?" አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ክምር ቀርቷል። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ትኩሳቱ ስለጠፋ ያቆሙታል፤ ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። "ስምንት ቁልፍ እዚህ አለ፤ እሱ ሳያልቅ አልዳንሽም" አልኳት። የምን ቁልፍ እንደማወራ አልገባትም። ግን ዋጠችው።

ስትድን አጎበር ፍለጋ ጀመርን። ደብረ ብርሃን ገበያ ጠይቄ ሳቁብኝ፤ በቀደም እኔ ጎረቤታችን ላይ እንደሳቅኩት። እዚያው ሲቀላ ገበያ አገኙ። በፀረ ትንኝ መድኃኒት የታከመው ዓይነት ነው የሚሻለው። ከማሸጊያው እንደወጣ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ላይ ዘርግታ እንድታናፍሰው ነገሯት። ሲታጠብ በተራ ሳሙና ነው፤ በበረኪና አይነካም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ቶሎ ቶሎም አይታጠብም። መድኃኒቱ ይለቃል።

ሰቅላው ተኛች። ከሦስት ቀን በኋላ "ትንኝ ከውስጥ ገብታ ታድራለች" አለችኝ። ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። አየሁት። የዶርም አልጋ ተደራራቢ ነው፤ እሷ ከታች ናት። አጎበሩን ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ በክር አስራዋለች፤ ጥሩ ነው። ግን ጫፉ አጥሮ ፍራሹ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከፍራሹ ስር የሚሸጎጥ ነገር የለውም። ለዚህ እንኳ ሙያ አለኝ አልኩ። የፍራሹን ዙሪያ በክር ለክታ፣ ክሩን በሜትር ለክታ ቁጥሩን ላከችልኝ። እኔ ከስስ ጨርቅ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ቆረጥኩ፣ ዙሪያውን ቀመቀምኩ፣ አራት ማዕዘኑ ላይ ማሰሪያ ሰፋሁ። የሚሄድ ሰው አግኝቼ ከመርፌና ክር ጋር ላክሁት። እሷ በእጇ አያያዘችው። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ ልጅ ሆና ላስተምራት ስል ትሸሸኝ ነበር። ግን ይዟል።

ይሞቃል ብላ አንዳንድ ሌሊት ትገልጠዋለች። አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት የስልክ ጥያቄዬን ቀየርኩ። "ደህና ነሽ?" ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። "ዛሬ ምሳ ምን ነበር?" እላታለሁ። ምስር ነው፣ ሽሮ ነው ትላለች፤ የበላችና ያልበላች ከአነጋገሯ ይታወቀኛል። "አጎበሩ ምን ላይ ነው?" እላታለሁ። ዝም ካለች አልሸጎጠችውም ማለት ነው። "ከነማን ጋር ነበርሽ?" እላለሁ። መጀመሪያ የጨንቻዋ ልጅ ብቻ ነበረች፤ አሁን ስሞቹን መያዝ አቅቶኛል።

የሴሚስተር እረፍት ላይ ስትመጣ ደግሞ አንድ ማታ ሙቀት ተሰማት። እናቷ ጉንፋን ነው አለች። እኔ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳትና ሌላ ነገር ሳይጠይቁን "ይህች ልጅ ከአርባ ምንጭ ነው የመጣችው" አልኩ። ይህን ካልነገራችኋቸው ደጋ ላይ ማንም ወባን ቀድሞ አያስብም፤ ታይፎይድ ሊሉት ይችላሉ። ደሟ ታየ፤ ወባ አልነበረም። ጉንፋን ነበር። እናቷ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ስትመጣ ሻንጣዋ ቀሎ ነበር። ብርድ ልብሱ የለም። "የት አደረስሽው?" አለቻት እናቷ፤ ውድ ነው። ልጄ ትንሽ አፈረች። "ለእሷ እናት ሰጠሁት" አለች። "ጨንቻ እንደዚህ ነው፤ እንዲያውም ጭጋጉ ይብሳል። እኔ ጋ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።" እናቷ ምንም አላለችም። ዞር ብላ ድስቱን አማሰለች።

ያንን ብርድ ልብስ ጠቅልለንበት የነበረው ትልቅ ፌስታል ግን ተመልሷል። ቋጥራ ሻንጣው ስር አድርጋዋለች። ስትፈታው ውስጡ ፖም ነው። ጨንቻ ፖም ያበቅላሉ፤ እኔ አላውቅም ነበር። ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ ተላልጧል። እናቷ አንዱን በቀሚሷ ጠርጋ ገመሰችው፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ አራት መርጣ በሰሃን አደረገችና ለጎረቤታችን፣ ለጋሼ፣ ይዛላቸው ሄደች።